አራተኛው ቁልፍ

ቅዳሜ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ ቁልፍ እየቆጠርኩ ነበር። ለሳሎኑ በር አራት፣ ለጓሮው በር ሁለት፣ ለግቢው በር ሁለት። ማታም ስቆጥራቸው ስምንት ነበሩ፣ ጠዋትም ስምንት ናቸው፣ ቁልፍ ሌሊት አይወልድም። ግን እጄ አርፎ መቀመጥ አልቻለም፣ አንዴ በወረቀት እጠቀልላቸዋለሁ አንዴ እፈታቸዋለሁ፣ እናቴ ከአልጋዋ ሆና «ምንድነው እሱ የሚንኳኳው?» አለችኝ። «ቁልፍ ነው» አልኳት። «በዚህ ሰዓት ቁልፍ የሚያንኳኳ ሌባ ነው» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ ከተማ ዳር ላይ እናቴ ያሠራችው ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለ። ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ በየሳምንቱ ሐኪም ጋ መመላለስ ስላለባት፣ ለሷ ሕክምናም ለኔ ሥራም በሚቀርብ ቦታ ፍራንኮ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ስለዚህ አሁን ተከራይም አከራይም ሆኛለሁ ማለት ነው፣ ወር ሲሞላ በአንድ እጄ ተቀብዬ በሌላው የምሰጥ። ተከራይነቱን 13 ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ብትቀሰቅሱኝም በእንቅልፌ እነግራችኋለሁ። አከራይነቱን ግን የዛን ቅዳሜ ነው የጀመርኩት።

ፍርሃቴ ደሞ ምን ነበር ብትሉኝ ሁሉም ነገር ነው። ግድግዳው ገና ቀለም ተቀብቷል፣ ሦስት ልጆች ናቸው የሚመጡት። ደላላው «ጨዋ ቤተሰብ ናቸው፣ አባትየው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ኪራይ አያዘገይም» ብሎኛል፣ ግን ደላላ ደሞ መቼ ነው ባለጌ ተከራይ አምጥቶ የሚያውቀው? እሱ ራሱ «ስድስት ወር ቀድመሽ ተቀበይ፣ በኋላ ይቆጭሻል» ሲለኝ ሰነበተ። የእህቴ ልጅ ነው ስልኩን አውጥቶ የ2016ቱን የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320ን ያነበበልኝ። ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል፣ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ነው። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ እንዲሁም ክልሎች በሚመርጧቸው ከተሞች ነው የሚሠራው፣ እኔ ግን የትም ይሥራ የት እንደ ሞዴል ልያዘው ብዬ ውሉን በዛው ልክ አዘጋጀሁ። ሁለት ወር፣ ሁለት ዓመት፣ በባንክ። ደላላው ፊቱን አጨማደደ ግን ኮሚሽኑን ከሁለታችንም ስለሚቀበል ዝም አለ።

ከሁሉም በላይ የሰቀዘኝ ነገር ግን የቁልፉ ጉዳይ ነው። አርብ ማታ የራሴ አከራይ፣ እትዬ እንላታለን፣ ደጃፍ ላይ አግኝታኝ «ነገ ነው አይደል የምታስረክቢው? አራተኛዋን ቁልፍ እንዳትሰጫቸው» አለችኝ። «ለምን እትዬ?» «እንዴ! ሰው ክፉ ነው ብዬ እኮ አይደለም። እነሱ ለቅሶ ሄደው ቧንቧ ቢፈነዳስ? ምጣድ ሳይነቅሉ ቢወጡስ? አንዷን ደብቀሽ ያዣት፣ ማንም አያውቅም።» እውነት ለመናገር ልክ ነች ብዬ ነው የገባሁት። አልጋ ላይ ከተጋደምኩ በኋላ ነው «ቆይ፣ ታዲያ የኔስ ክፍል ቁልፍ እሷ ጋ አለ ማለት ነው?» ያልኩት።

የዛሬ ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ስኖር አከራዬ የነበረውን ሰውዬ ብታውቁት። ሥራ ውዬ ስመለስ ጠዋት የዘጋሁት መስኮት ተከፍቶ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ረስቼው ነው አልኩ፣ ሁለተኛ ጊዜ ራሴን ተጠራጠርኩ፣ በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ክር አስሬ ወጣሁና ማታ ክሩ ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። ስጠይቀው ምንም አላፈረም። «ክፍሉ ይታፈናል፣ ላናፍስልሽ ብዬ እኮ ነው» አለኝ። አንድም ነገር አልጠፋብኝም፣ ሰውዬው ሌባ አይደለም፣ ግን ከዛን ቀን በኋላ ልብሴን ስቀይር ሁሌ በሩን እያየሁ ነው። ያኔ ምዬ ነበር፣ እኔ አንድ ቀን ቤት ካከራየሁ እንዲህ አላደርግም ብዬ። መሐላ ቤት ሳይኖር ቀላል ነው።

ጠዋት አራተኛዋን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥቼ ቦርሳዬ የውስጥ ኪስ፣ የሊፕስቲክ ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

በባጃጅ ደርሼ ግቢውን ስከፍት 2 ሰዓት ገና አልሞላም። ነፋሱ ከሌሊት ጀምሮ ሲነፍስ ያደረ ይመስላል፣ አዳማ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ትናንት ያጠብኩት በረንዳ ላይ ጣቴን ባስኬድ ስም መጻፍ ይቻላል። መጥረጊያ አንስቼ እንደገና ልጠርግ ስል አይሱዙው ከቅያሱ ታጥፎ መጣ። ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ የተገለበጠ ቁምሳጥን፣ ከላይ ደሞ በገመድ የታሰረ የሕፃን ብስክሌት። ከጋቢና መጀመሪያ የወረደችው እናትየው ናት፣ በአንድ እጇ ትንሿን አቅፋ በሌላው ፔርሙስ ይዛ። ከኔ በአራት አምስት ዓመት ትበልጣለች ብዬ እገምታለሁ። ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ?» አለችኝ።

አደሩ! ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው እንዳለ ልይ ምንም አልቀረኝም። በሕይወቴ ሙሉ አከራይን እርስዎ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። «አንቺ በይኝ ባክሽ» ማለት ሲገባኝ ምላሴ ተሳስሮ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ቀረሁ።

አባትየው የለም፣ ሰመራ አካባቢ ነው፣ ጭነት ይዞ እየተመለሰ። በስልክ አገናኘችን። ድምፁ ከሞተሩ ጩኸት ጋር እየተቀላቀለ «እህቴ፣ ከሷ ጋር ጨርሱ፣ ቤት የምታውቀው እሷ ናት፣ እኔ መንገድ ነው የማውቀው» አለኝና ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ዕቃው ከመውረዱ በፊት ርክክብ እናድርግ አልኩ። ይሄን ከተከራይነት ዘመኔ የተማርኩት ነው፣ ዕቃ ከገባ በኋላ ከቁምሳጥን ጀርባ ያለውን ስንጥቅ ማን እንዳመጣው ማንም አያውቅም። ሁለት ቅጂ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፣ ክፍል በክፍል፦ በር፣ መስኮት፣ መስታወት፣ አምፖል፣ ሶኬት፣ ቧንቧ። እያንዳንዱን እያየን እንጽፋለን፣ በስልክ ፎቶ እናነሳለን፣ ፎቶውን እዛው በቴሌግራም እልክላታለሁ፣ ቀኑና ሰዓቱ ከሁለታችንም ጋ እንዲቀር። የጉልበት ሠራተኞቹ በረንዳው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ተሳሳቁብን፣ አንዱማ «እትዬ፣ ቤት ነው የምትሸጪው ወይስ የምታከራዪ?» አለኝ።

እኔ የሚታየውን ነበር የምጽፈው። ኩሽና ውስጥ አንድ የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ የልጆች ክፍል ውስጥ ጥብቅ ብሎ የማይዘጋ መስኮት። እሷ ደሞ ቧንቧ ትከፍታለች ትዘጋለች፣ አምፖል ታበራለች ታጠፋለች፣ መታጠቢያው ሥር ተንበርክካ እጇን ትሰዳለች። ይሄን ጨምሮ አምስት ቤት ቀያይራለች፣ በኋላ እንደነገረችኝ። አንዱ ላይ ያላመጡትን የመብራት ዕዳ ከፍለው ነው የወጡት፣ ቆጣሪው በአከራዩ ስም ስለሆነ «ዕዳው የኛ አይደለም» ቢሉ የሚሰማቸው የለም።

ቆጣሪ ጋ ስንደርስ ነው ነገሩ የመጣው። የመብራቱን አንብበን ፎቶ አነሳን፣ ችግር የለም። የውሃውን ክዳን ከፍቼ አቧራውን በሻርፔ ጫፍ ጠራረግኩና ጥቁሮቹን ቁጥሮች አነበብኩ፦ 1,211። ጥቁሮቹ ሜትር ኪዩብ ናቸው፣ አንዷ ቁጥር አንድ ሺህ ሊትር ማለት ነው። የመጨረሻው ቢል ላይ 1,204 ይላል፣ የዛሬ 24 ቀን የተነበበ። «እንግዲህ ይሄ ሰባቱ የኔ ነው፣ ከዛሬ በኋላ ያለው የናንተ» አልኩ፣ ፍትሐዊ አከራይ መሆኔን እያደነቅኩ።

ዝም አለች። ከዛ «ይቅርታ፣ ቤቱ ባዶ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

ባዶ ነበር። ቀለም ቀቢው ሁለት ቀን ሠርቶ ሄዷል፣ እኔ አንድ ቀን ወለል አጥቤያለሁ፣ በቃ። ሰባት ሺህ ሊትር! ቀለም ቀቢው ቤቱን በውሃ ቀለም ሳይሆን በውሃ ብቻ ቢቀባው እንኳ አይደርስም። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፣ እንደ አጭበርባሪ ነው የታየኝ፣ በሆዷ «ገና ከበሩ» ትላለች ብዬ።

እሷ ግን ቆጣሪው ላይ ጎንበስ አለች። «ዛሬ ውሃ አለ አይደል? ሁሉንም ቧንቧ እንዝጋ።» የኛ ሰፈር ውሃ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ይጠፋል፣ ቅዳሜው የመምጫው ቀን ነበር፣ ደግነቱ ገና ሌሊት ስለመጣ መስመሩ ውስጥ የነበረው አየር ወጥቶ አልቋል፣ አየር ካለ ቆጣሪው በከንቱም ይዞራል። ሮቶው የራሱ ቧንቧ አለው፣ እሱንም ዘጋን። የኩሽናውን፣ የመታጠቢያውን፣ የጓሮውን ሁሉ። ተመልሰን ቆጣሪው ላይ አራት ጭንቅላት አጋጠምን፣ እኔ፣ እሷና ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆች። ከቁጥሮቹ ጎን ያለችው ትንሽዬ የኮከብ ቅርጽ ያላት መሽከርከሪያ፣ ምንም ቧንቧ ሳይከፈት፣ ቀስ እያለች ትዞራለች። እንደ ታመመ ሰው ቀስ እያለች፣ ግን አትቆምም።

ሁሉ ዝግ ሆኖ እሷ ከዞረች ውሃው አንድ ቦታ እየሄደ ነው። ስንት እንደሆነ ለማወቅ ደሞ ቀዮቹ ቁጥሮች አሉ፣ ሊትር የሚቆጥሩት። 2 ሰዓት ከ40 ላይ ቀዩን ጻፍን፣ 20 ደቂቃ ጠበቅን፣ 3 ሰዓት ላይ ስናይ 8 ሊትር ጨምሯል። ትልቁ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ማንም ሳያዘው የወረቀቴ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራው። በ20 ደቂቃ 8 ከሆነ በሰዓት 24፣ ውሃ ባለበት ቀን 24 ሲባዛ በ24፣ 576 ሊትር። በ24 ቀን ውስጥ ውሃ የሚኖረው 12 ቀን ነው። 6,912። «ሰባት ሺህ ሊሞላ 88 ሊትር ነው የጎደለው» አለ። «እሱ ደሞ የወለሉ ነው» አልኩ እኔ፣ ወለሉን ያጠብኩበትን ባልዲ ሁሉ እያስታወስኩ።

የት ነው የሚፈሰው ግን? ወለል ደረቅ፣ ግድግዳ ደረቅ፣ ግቢው ውስጥ እርጥብ ቦታ የለም። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ከሆነ በቃ አለቀልኝ አልኩ፣ ሴራሚክ ሊነቀል ነው፣ የሁለት ወሩ ኪራይ ሳይገባ ሊወጣ ነው። እሷ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆማ «ዝም በሉ እስቲ» አለች ልጆቹን። ስሙት ከተባለ በቀር የማይሰማ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለ። እኔ ስንት ቀን ገብቼ ወጥቻለሁ ሰምቼው አላውቅም።

ከዛ ያደረገችውን እስከዛሬ ለሰው ሁሉ እያወራሁ ነው። ፔርሙሷን ከፈተች፣ ለመንገድ የያዘችውን ቡና አንድ ስኒ ቀዳች፣ የሽንት ቤቱን የውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን አንስታ ውስጡ ደፋችው። «እንዳይለቀቅ፣ ሩብ ሰዓት እንጠብቅ።» ቡና ነው እኮ! እናቴ ብታይ ትጮህ ነበር። የቀረውን ለሁለታችን ቀዳችና በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን ጠጣን፣ ስኳር የበዛበት ነው። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ገብተን ስናይ መቀመጫው ውስጥ፣ ከጀርባ በኩል፣ ቡናማ ቀጭን መስመር ወርዶ የታችኛው ውሃ ሻይ መስሏል። ማንም ሳይለቀው ከላይ ወደ ታች እየመጣ ነው ማለት ነው። ማጠራቀሚያው ታች የሚዘጋው ክብ ጎማ ደርቆ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ዝቃጭ ተጋግሮበት፣ ጥብቅ ብሎ አይከድንም። ከታች ሲያፈስ ከላይ ተንሳፋፊው ኳስ ወረድ ይልና እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ያፈሳል፣ ፍሳሹ ቀጥታ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ስለሚገባ ማንም አያየውም። ደሞ ጉድጓዱንም ያለ ጊዜው እየሞላ ነበር ማለት ነው፣ ለማስመጠጥ የሚከፈለውን ሳስብ ሆዴ ቁርጥ አለ።

ከግድግዳው የምትወጣውን ትንሽ ቫልቭ በእጇ አጥብቃ ዘጋቻት። ወደ ቆጣሪው ሮጥን፣ ኮከቧ ቆማለች። ሁለተኛው ልጅ አጨበጨበ። ወረቀቱ ላይ «የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ጎማ ያፈሳል፣ አከራይ እስከ ሰኞ ታስቀይራለች፣ እስከዛ በባልዲ» ብዬ ጻፍኩና ሁለታችንም ፈረምን። ይሄንን ቀን ሳላይ ቢያልፍ ኖሮ በሚቀጥለው ወር ቢሉ ይመጣል፣ እኔ «ልጆቹ ውሃ ይጫወታሉ» እላለሁ፣ እነሱ «አከራይዋ ዕዳ ጣለችብን» ይላሉ፣ ሁለታችንም ከልባችን ነው የምንምለው።

ጎማው ሰኞ ተቀየረ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ከጎማው ዋጋ በላይ ለባጃጁ ነው ያስከፈለኝ፣ እሱን ልተወው።

ዕቃ መውረድ ጀመረ። እኔም ቀለሜን እየጠበቅኩ ከቁምሳጥኑ ኋላ እሄዳለሁ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ግድግዳውን» እያልኩ፣ ራሴን ስሰማው ያ መስኮት የሚከፍተው ሰውዬ ድምፅ መሰለኝና ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። እናቴ ለአራተኛ ጊዜ ደወለች። «ገቡ? ስንት ናቸው? ብሩስ?» «ገብቷል እማ፣ በባንክ።» «ጽጌረዳዋን ውሃ አጠጡልኝ በያቸው።» በዛን ሰዓት ስለ ውሃ ከሷ ጋር ማውራት አልፈለግኩም።

«ምጣዱ የት ነው የሚሰካው?» ስትል ከኩሽና ተጠራሁ። ክብ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ አቅፋ ቆማለች። እናቴ እንጀራ ስትጋግር የኖረችው ጓሮ በማገዶ ነው፣ በኋላ ደሞ እየገዛን ነበር፣ እኔ ሶኬት ሁሉ ሶኬት ነው ብዬ «እዚህ» አልኩና ከፍሪጁ ጎን ያለውን አሳየኋት። ምጣዱ ጀርባ ላይ ያለውን ምልክት አዞረችልኝ፣ 3,500 ዋት ይላል። በ220 ቮልት ስታካፍሉት ወደ 16 አምፔር ይመጣል፣ ተራ ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው፣ እሱም አዲስ ሲሆንና ጋገራው አጭር ሲሆን። እሷ የምትጋግረው ለአምስት ሰው ነው፣ አንዴ ከተቀመጠች ሁለት ሰዓት። «ባለፈው ቤት ሶኬቱ ቀልጦ ሰኪው እዛው ተጣብቆ ቀረ» አለችኝ፣ «ሽታው ነው ያስነቃኝ፣ የተቃጠለ ዓሣ ዓይነት።» ያኔ አከራያቸው አስከፈላቸው አሉ፣ እናንተ ናችሁ ያቃጠላችሁት ብሎ።

እኔ ምን ልበል? ቤቱን የማውቀው መስሎኝ ነበር፣ ለካ የማውቀው የኛን ኑሮ ነው፣ ምጣድ የሌለበትን። የሰፈሩን ኤሌክትሪሽያን ደወልኩለት፣ ከሰዓት መጥቶ ሳጥኑን ከፈተው፣ የሶኬቶቹ መስመር ሁሉ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሆኖ ሳሎንና ኩሽና አንድ ብሬከር ላይ ተንጠልጥለዋል። ምጣዱና ፍሪጁ አንድ ላይ ሲሠሩ ብሬከሩ ቢወርድ ጥሩ ነው፣ ችግሩ አንዳንዱ ሰው ሲወርድበት ተናዶ ትልቅ ብሬከር ያስገባበታል፣ ያኔ የሚወርድ ነገር ስለሌለ የሚቀልጠው ሽቦው ነው። ለምጣዱ ብቻ ከሳጥኑ ወፈር ያለ፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በራሱ ብሬከር፣ በራሱ ወፍራም ሶኬት ይሳብ ተባለ። የማን ወጪ ነው? ዝም ተባባልን። ቤቱ ላይ የሚቀር ስለሆነ የኔ ነው አልኩ፣ ትንሽ ቅር እያለኝ፣ ቅር እንዳለኝ ግን ያየችብኝ አይመስለኝም። እስከዛ ምጣዱ እንዳይሰካ ተስማማን፣ ረቡዕ ተሠራ።

10 ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር አለቀ። ወረቀቱ ሦስት ገጽ ሆኗል፣ ፈረምን፣ ጎረቤታችን ጋሼም እንደ ምስክር ፈረሙ፣ ፊርማቸው ብቻ ግማሽ ገጽ ነው። ቁልፎቹን በወረቀት እንደተጠቀለሉ ሰጠኋት። አንድ በአንድ ፈታ ቆጠረቻቸው።

«የሳሎኑ ሦስት ነው?»

ሳሎኑ በር ላይ ከኋላዋ ትንሿ ልጅ የኔን ቦርሳ ማሰሪያ ይዛ ትጎትታለች።

«ሦስት ነው» አልኩ።

አየችኝ። ብዙ አላየችኝም፣ አንዴ ብቻ። «እሺ» ብላ ወረቀቱ ላይ፣ የሳሎን በር በሚለው ፊት ለፊት፣ 3 ብላ ጻፈች።

ወጥቼ ቅያሱን እስክጨርስ በሰላም ሄድኩ። ባጃጅ መጠበቂያው ጋ ቆሜ ለሾፌሩ ዝርዝር ልፈልግ ቦርሳዬን ስበረብር ጣቴ ብረቷን ነካት። ቀዝቃዛ ናት። አንድ ባጃጅ ቆሞ «ፍራንኮ?» አለኝ፣ አይ አልኩት። ሁለተኛው መጣ፣ እሱንም አሳለፍኩ። በሐሳቤ እትዬን እያመጣሁ «ቧንቧ ቢፈነዳስ» እላለሁ፣ ከዛ ደሞ ቧንቧ ቢፈነዳ እኔ ፍራንኮ ሆኜ ምን ላደርግ ነው፣ ሴትየዋ እንደሆነች በአንድ ስኒ ቡና ሽንት ቤት የምትመረምር ናት። ሦስተኛው ባጃጅ ሲመጣ ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ቤቱ እየተመለስኩ ነበር። የምለውንም አዘጋጅቻለሁ፣ «አንዷ ወረቀቱ ውስጥ ሳትጠቀለል ቦርሳዬ ውስጥ ወድቃ ኖሯል»፣ ውሸቱን በውሸት ማለት ነው።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። አንኳኳሁ፣ ለእናቴ በር፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ትልቁ ልጅ ከፈተልኝ።

እናትየው ሳሎኑ በር ሥር ተንበርክካለች፣ እጇ ላይ ብሎን መፍቻ። የበሩ ጠርዝ ላይ፣ ምላሱ በሚወጣበት በኩል፣ አንዲት ረጅም ብሎን አለች፣ እሷን ፈትታ ቁልፉን ትንሽ ወደ ጎን አዙራ ሲሊንደሩን፣ ቁልፍ የሚገባበትን የመዝጊያውን ክፍል፣ በቁልፉ ይዛ ወደ ራሷ እየሳበችው ነው። ቀጥ ካለ አይወጣም፣ መሀሉ ላይ ያለችው ጥርስ ትይዘዋለች፣ ስለዚህ ቁልፉን እያዞሩ የምትላቀቅበትን ቦታ መፈለግ ነው። አጠገቧ ወለሉ ላይ ገና ፕላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ሲሊንደር ከነአምስት ቁልፉ ተቀምጧል። አይሱዙው ላይ ሆና ይዛው የመጣችው ነው ማለት ነው። እኔን ከማየቷ በፊት። ከመዋሸቴም በፊት።

ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም እጄ ላይ ያለችውን ቁልፍ አየሁ፣ እሷም አየቻት። ያዘጋጀሁት ወሬ ሁሉ ጠፋብኝ።

«አራተኛዋ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። «አዲስ ሲሊንደር ስገዛ ሁሌ 7 ሳንቲውን ነው የምገዛው፣ ብዙው በር ላይ ይገባል። አምስተኛ ቤቴ ነው እኮ።» ከዛ ሳቀች፣ ተንኮል የሌለው ሳቅ፣ ትንሽ ደግሞ እንደማፈር ያለበት። «አትቀየሚኝ። አንቺም ብትሆኚ ታደርጊዋለሽ።»

አንቺ አለችኝ። የዛን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሲሊንደሩ ቅትት ብሎ ወጣ። አዲሱን ገፋችበት፣ 7 ሳንቲው ልክ ነው፣ በሁለቱም በኩል ከበሩ ገጽ ጋር እኩል። ብሎኗን ስታጠብቅ በሩን ያዝኩላት፣ ነፋሱ እየገፋው ነበር። ከዛ አሮጌውን በእጇ ጠረገችና ሦስቱን ቁልፎች ጨምራበት ሰጠችኝ። «ይሄ ያንቺ ንብረት ነው፣ ስንወጣ መልሰሽ ታስገቢዋለሽ። ወረቀቱም ላይ እንጻፈው።» ጻፍነው፣ አራተኛ ገጽ ከፍተን፣ 3 የሚለውንም ሰርዛ 4 አደረገችው፣ ጎኑ ላይ ሁለታችንም ፈረምን።

«ቡና ላፍላ?» አለችኝ። ፔርሙሱን እኮ ሽንት ቤት ነው የጨረስነው።

ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፍራንኮ ስደርስ እናቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። «ቁልፉን አስቀረሽ?» አለችኝ። እትዬ ለሷም ነግራታለች ለካ። ሲሊንደሩን ከነአራት ቁልፉ አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። አገላበጠችው፣ አንዷን ቁልፍ ከታ ወደ ግራ አዞረች፣ ወደ ቀኝ አዞረች፣ ጥርሷ ክብ እየሠራች ትከተላታለች።

«በሩስ?» አለች።

እኔ መልስ ሳልሰጣት የክፍላችንን በር አልፌ ወጣሁና ከውጭ ሆኜ የብሎኗን ቦታ በስልኬ መብራት ፈለግኩት። አለች። ከዛ በስንዝሬ በሩን ለካሁ፣ ስንዝር ምን ይለካል እንጂ፣ ነገ ማስመሪያ ይዤ እለካዋለሁ።